«እያወቀ» ስላለ ብቻ አስቦ ገደለ አይባልም

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የምማር የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ለመውጫ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የወንጀል ሕግ ጥያቄ ላይ ሐሳብ፣ ዕውቀት፣ ሬክለስነስ እና ቸልተኝነት የሚሉ ምርጫዎች ተደርድረው ሲመጡ ሁሉም ልክ ይመስሉኛል። ኬዙ ውስጥ እያወቀ የሚል ካየሁ ሐሳብ ነው ብዬ አከባለሁ፤ ግን ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ። ሬክለስነስስ በእኛ ሕግ የት ነው ያለው? መለያ መንገድ ካለ ንገሩኝ። እህታችሁ ነኝ።»

ምላሽ፦

የምትሳሳቺው «እያወቀ» የሚለው ቃል ጋ ስትደርሺ ማንበብ ስለምታቆሚ ነው። በእኛ ሕግ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ያወቀ ሰው አስቦ ገዳይ ሊባል ይችላል። ቸልተኛም ሊባል ይችላል። ሁለቱም ያውቃሉ። የሚለያዩት ካወቁ በኋላ ውጤቱን በተመለከተ በያዙት አቋም ነው። ፈተና አውጪው ይህን ስለሚያውቅ «እያወቀ» የሚለውን ቃል ሁለቱም ዓይነት ኬዝ ውስጥ ያስገባዋል።

አራቱ ምርጫዎች የመጡበትን ቦታ ካላወቅሽ ደግሞ ግራ መጋባቱ አይለቅሽም። ሐሳብ፣ ዕውቀት፣ ሬክለስነስ፣ ቸልተኝነት የሚለው አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1962 ከወጣው የአሜሪካ ሞዴል የወንጀል ሕግ የተወሰደ ነው። የእኛ ሕግ መነሻ ሌላ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ያረቀቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ነው። የወንጀል ሐሳብ አከፋፈሉም የአውሮፓን መንገድ የተከተለ ነው። አሁን የምንሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህንኑ አስቀጥሏል። አንቀጽ 57 ጥፋትን በሁለት ብቻ ይከፍለዋል፦ ሐሳብና ቸልተኝነት። አንቀጽ 58 ሐሳብን ለሁለት፣ አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ለሁለት ይከፍላሉ። ስለዚህ እኛም አራት አሉን፤ ግን የተቆረጡበት ቦታ ከአሜሪካኖቹ አራት ጋር አይገጥምም። አንዱን በሌላው ላይ ልክ በልክ ለመደረብ የሞከረ ተማሪ ሁሌም መሃል ላይ ይሰናከላል።

የእኛዎቹን በአጭሩ ላስቀምጣቸው። በቀጥተኛ ሐሳብ የሚሠራ ሰው ውጤቱን ያውቃል፣ ይፈልገዋልም። ቀጥተኛ ባልሆነ ሐሳብ የሚሠራው ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል ያውቃል፤ ዓላማው አይደለም፤ ግን የመጣው ይምጣ ብሎ ይገባበታል። የመጀመሪያው ዓይነት ቸልተኛም ሊደርስ እንደሚችል ያውቃል፤ ነገር ግን አይደርስም ብሎ ይተማመናል፣ ወይም ነገሩን ሳያመዛዝን ይዳፈራል። ሁለተኛው ዓይነት ቸልተኛ ጭራሹንም አላሰበውም፤ ማሰብ ግን ነበረበት፣ ወይም ይችል ነበር። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደግመሽ አንብቢያቸው። ፈተና ላይ ነጥብ የሚጣለው እዚያ ነው።

«ሬክለስነስ የት አለ?» ላልሽው መልሱ ይኸው ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። በአሜሪካው ሞዴል ሬክለስ የሚባለው ከባድና ምክንያት የሌለው አደጋ መኖሩን እያወቀ ችላ ብሎ ያለፈ ሰው ነው። ውጤቱን ተቀብሎታል ወይስ አይደርስም ብሎ ተማምኗል የሚለውን ያ ሕግ አይጠይቅም። የእኛ ሕግ ግን ይጠይቃል። ተቀብሎት ከሆነ ወደ አንቀጽ 58፣ ተማምኖ ከሆነ ወደ አንቀጽ 59 ይልከዋል። አንዳንድ ማስታወሻ ሬክለስነስን ቀጥተኛ ካልሆነ ሐሳብ ጋር እኩል ያደርገዋል። ሌላው ከቸልተኝነት ጋር እኩል ያደርገዋል። ሁለቱም ግማሹን ብቻ ነው የያዙት። የእንግሊዝ መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። እዚያ ከ1981 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ አደጋውን ጭራሽ ያላሰበውን ሰው ሳይቀር ሬክለስ የሚያሰኝ ፍርድ ይሠራበት ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ እጅሽ ላይ ካለ ለዚህ ርዕስ አትጠቀሚበት።

አሁን ኬዝ እንሥራ። የፈተና ኬዝ ሁሌ በአበበና በከበደ ላይ ስለሚደርስ እኔም አልለቃቸውም።

አበበ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ነጂ ነው። ጀልባዋ እንድትጭን የተፈቀደላት 12 ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ 19 ሰው ጫነ። የሕይወት አድን ጃኬት ያለው ለ5 ሰው ብቻ ነው። ሌላ ነጂ «ነፋስ እየተነሳ ነው፤ ግማሹን አውርድ» ብሎ አስጠነቀቀው። አበበ «ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ውሃ ነው፤ ምንም አይሆንም» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። የስምንት ዓመት ልጁም ያለ ጃኬት ከጎኑ ተቀምጧል። ሐይቁ መሃል ላይ ማዕበሉ ጀልባዋን ገለበጣት። ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ እንዲህ ይላል፦ ከልኩ በላይ ጭኗል፣ ተነግሮታል፣ ጣና ከሰዓት በኋላ እንደሚናወጥ ያውቃል፤ ስለዚህ ቀጥተኛ ያልሆነ ሐሳብ ነው። ማወቁን አሳይቷል፤ ልክ ነው። ግን የቀረ ነገር አለ። አበበ የሰው ሞት ቢመጣም ይምጣ ብሏል? ኬዙ የሰጠሽን ነገሮች አንድ በአንድ ተመልከቻቸው። «ምንም አይሆንም» ብሏል። ለዚህ እምነቱ መነሻ የሆነው የብዙ ዓመት ልምዱ ነው። እምነቱ ስህተት ነው፤ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ከሁሉም በላይ ራሱ ተሳፍሯል፤ ልጁንም አሳፍሯል። ጀልባዋ ብትሰምጥ ይስመጥ ያለ አባት ልጁን ያለ ጃኬት አጠገቡ አያስቀምጥም። ይህ በአንቀጽ 59 የመጀመሪያው ዓይነት ቸልተኝነት ነው። የሚጠቀሰውም በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከተው አንቀጽ 543 ነው።

አሁን ከበደን እንየው። ከበደ ባለጀልባ ነው። የጀልባዋ ወለል ተሰንጥቋል። የሚጠግንለት ሰው «ይህ ሳይደፈን ዘጌ አትደርስም፤ መሃል ላይ ነው ውሃ የምትሞላው» ብሎታል። የዘወትር ነጂው «እኔ በዚህች አልወጣም» ብሎ ሄደ። ከበደ ሥራ ፈላጊ የሆነ አዲስ ልጅ ጠርቶ ስለ ስንጥቁ ምንም ሳይነግረው እንዲነዳ አደረገ። ሒሳቡን ከተሳፋሪዎች ሰበሰበ። ጀልባዋ ልትነሳ ስትል የራሱን ልጅ ከውስጧ አየና «አንተ ውረድ፤ በመኪና ትመጣለህ» አለው። ለጠጋኙም «የፈለገው ይሁን፤ የዛሬውን ገቢ አላጣም» አለ። ጀልባዋ ሰጠመች። ሰው ሞተ።

ከበደም የማንንም ሞት አልፈለገም። ጀልባዋ ብትደርስለት ደስ ባለው ነበር። ገቢውም፣ ጀልባውም ይተርፉለታል። ሆኖም አይደርስም ብሎ ለመተማመን የሚያስችል አንድም ነገር ኬዙ ውስጥ የለም። የተነገረው ነገር ግልጽ ነው። አደጋውን ለመቀነስ ምንም አላደረገም። ልጁን ማውረዱ ደግሞ አደጋውን ከምር እንደወሰደው ያሳያል። ለልጁ የፈራውን ለሌላው ሰው ፈቀደ። ይህ በአንቀጽ 58 ቀጥተኛ ያልሆነ ሐሳብ ነው። ሌላ ማክበጃ ከሌለ የሚመጣው ተራ የሰው ግድያ፣ አንቀጽ 540 ነው። ጀልባዋን ራሱ አለመንዳቱ አያድነውም፤ ሁኔታውን በማያውቅ ሰው ተጠቅሞ ወንጀል የሚፈጽም ሰውን አንቀጽ 32 ዋና ወንጀል አድራጊ ያደርገዋል።

አዲሱን ነጂ አትርሺው። አንድ ኬዝ ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ሁለት የሐሳብ ሁኔታ አለ። ልጁ ስንጥቁን አላወቀም። ስለዚህ ሐሳብ የሚባል ነገር በእሱ ላይ አይነሳም፤ የመጀመሪያው ዓይነት ቸልተኝነትም አይነሳም። የሚቀረው ጥያቄ ማወቅ ነበረበት ወይ፣ ይችልስ ነበር ወይ የሚለው ነው። ይህን ስትመልሺ ዕድሜውን፣ የሕይወት ልምዱን፣ ትምህርቱንና ሙያውን ታያለሽ። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ከመነሳቱ በፊት ወለሉን ያያል። ወለሉ ረጥቦ እያየ ዝም ካለ ቸልተኛ ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ልጅ፣ ስንጥቁ ደግሞ በጣውላ ተሸፍኖ ከነበረ፣ ከእሱ የሚጠበቅ ነገር ላይኖር ይችላል። ያኔ በእሱ በኩል ነገሩ ድንገተኛ አደጋ ነው። አንቀጽ 57 ጥፋት የሌለበትን ሰው አይቀጣም። ኬዙ ስለ ጣውላው ካልነገረሽ ግን ጣውላውን ከራስሽ አታምጪው።

«ዕውቀት» ብቻውን አንድ ምርጫ ሆኖ ሲመጣስ? ኬዙን ትንሽ ልቀይረው። ከበደ ብድር አበዳሪውን ማጥፋት ፈለገ። አበዳሪው ከሦስት ሰዎች ጋር ወደ ዘጌ እንደሚሄድ አወቀ። ማታ ሄዶ የጀልባዋን ወለል መሃል ሐይቅ ላይ እንድትሰጥም አድርጎ በሳው። ሦስቱ ሰዎች ምንም አላደረጉትም፤ ሞታቸው ለእሱ አይጠቅመውም። ግን ጃኬት እንደሌላቸውና ከባሕር ዳርቻው ርቀው እንደሚሰጥሙ በእርግጠኝነት ያውቃል። አራቱም ሞቱ። በአሜሪካው አከፋፈል በአበዳሪው ላይ ሐሳብ አለ፤ በሦስቱ ላይ ዕውቀት አለ። አንድ ድርጊት፣ ሁለት ሳጥን። በእኛ ሕግ ግን ዕውቀት ለብቻው የቆመ ደረጃ የለውም። የሐሳብ አንድ እግር ነው። ውጤቱ እንደሚደርስ በእርግጠኝነት እያወቀ የሠራ ሰው «አልፈለግኩትም» ቢል ወደ ቸልተኝነት አይወርድም፤ አይደርስም ብሎ የሚተማመንበት ቦታ አልቀረለትማ። በሦስቱ ሰዎች ላይ ያለው ሐሳብ ቀጥተኛ ነው ወይስ ቀጥተኛ ያልሆነ በሚለው ላይ መምህራን ይከራከራሉ። ለምርጫ ጥያቄ ያ ክርክር አያስፈልግሽም። አስቦ መግደል ነው። አድራጎቱ ደግሞ በአንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ የሚያሰኝ መሆኑን ትመረምሪያለሽ።

ዕውቀት ሌላም ቦታ ይመጣል፤ እዚያ ጥያቄው ስለ ውጤት ሳይሆን ስለ ሁኔታ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎህ ሳይቀድ ከዳር ላይ መረብ አንስቶ ሄደ። የራሱ መስሎት ነበር፤ የጎረቤቱ ሆኖ ተገኘ። መረቡን ማንሳቱን ያውቃል፤ አስቦ ነው ያነሳው። የሌላ ሰው መሆኑን ግን አላወቀም። የፍሬ ነገር ስህተትን የሚመለከተው አንቀጽ 80 ሰውየው በመሰለው ሁኔታ መሠረት ይዳኝ ይላል። በመሰለው ሁኔታ ሰውየው የገዛ መረቡን ነው የወሰደው። «ቢጠነቀቅ ኖሮ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ በቸልተኝነት ሰርቋል» የሚል ምርጫ ሲመጣ አትንኪው። በቸልተኝነት የሚፈጸም ስርቆት ሕጉ ውስጥ የለም። አንቀጽ 59 ንዑስ አንቀጽ 2 ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው ይላል። ለሰው ግድያና ለአካል ጉዳት ተደንግጓል። ለስርቆት አልተደነገገም።

ይህ ድንጋጌ ብዙ ተማሪ የሚረሳው ነው። ቸልተኝነት ብለሽ ከወሰንሽ በኋላ ሥራው አላለቀም። ለዚያ ወንጀል የቸልተኝነት አንቀጽ አለ ወይ ብለሽ መጠየቅ አለብሽ። አበበ ጀልባዋን ከገለበጠ በኋላ ሁሉም ሰው ዋኝቶ ቢተርፍስ? በቸልተኝነት የመግደል ሙከራ የሚባል ነገር የለም። ሙከራ በአንቀጽ 27 ሐሳብን ይጠይቃል። የቀረ ሌላ ተጠያቂነት ይኖራል ወይ የሚለው ለብቻው የሚታይ ነው፤ «የግድያ ሙከራ» የሚለው ምርጫ ግን ለአበበ ስህተት ነው።

አሁን ስለ ወጥመዶቹ። ትልቁ ወጥመድ አስቦ የተደረገ ድርጊትን አስቦ ከተደረሰ ውጤት ጋር ማምታታት ነው። አበበ 19 ሰው የጫነው አስቦ ነው። ደንቡን የጣሰው አስቦ ነው። ሞቱን ግን አላሰበም። አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3ን አውጥተሽ አንብቢ። በቸልተኝነት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ፣ ወይም በመጠጥና በመሳሰለው ራሱን አስቶ ሰው የገደለ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል። «ሆን ብሎ» የሚለው ነገር እዚያው የቸልተኝነት አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል! ሕጉ ራሱ ደንብ መጣሱን ከመግደሉ ለይቶ ነው የሚያየው። ፈተና አውጪ ይህን አንቀጽ ይወደዋል። «ሆን ብሎ የመጫን ልኩን በማለፍ» ብሎ ይጽፍና ተማሪው አንቀጽ 540ን ሲያከብ ያያል። ባጃጅ ነጂ ሆን ብሎ ቀይ መብራት ጥሶ ሰው ሲገጭም ነገሩ ያው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ ከቅጣቱ ተነስቶ ወደ ሐሳቡ መመለስ። «ሁለት ሰው ሞቶ በቸልተኝነት እንዴት ይታለፋል?» ይላል ተማሪው፣ ከዚያ ወደ ሐሳብ ይወጣል። የሟች ብዛት የሐሳብ ደረጃን አይቀይርም። አይታለፍምም። ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቀላሉ የቸልተኝነት ግድያ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። ስለዚህ አበበ ቸልተኛ ተብሎም ከ10 ዓመት በላይ ሊታሰር ይችላል። ቅጣቱ ስለከበደ ሐሳብ ነው ማለት አይቻልም።

ከድርጊቱ በኋላ የሆነውንም በጥንቃቄ ያዢው። አበበ ዋኝቶ ወጥቶ ተሰወረ ቢልሽ፣ ወይም እያለቀሰ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ ቢልሽ፣ ሁለቱም ሞተሩን ሲያስነሳ የነበረውን ሐሳብ ብዙም አይነግሩሽም። ደንግጦም ሰው ይሸሻል። የሚለካው ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት የነበረው ሐሳብ ነው። የተነሳሽነት ምክንያትም እንዲሁ ነው። ከበደ ገቢ ፈልጎ ነው፤ አበበም ገቢ ፈልጎ ነው። ምክንያታቸው አንድ ሆኖ የሐሳብ ደረጃቸው ተለያየ።

ተቀብሎታል ወይስ ተማምኗል የሚለው ሲያስቸግርሽ የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ። ራይንሃርድ ፍራንክ የሚባል ጀርመናዊ የሕግ ሊቅ ያስቀመጠው ነው፦ ውጤቱ በእርግጥ እንደሚደርስ ቢያውቅ ኖሮ ያንን ድርጊት ይተወው ነበር? አበበ ጀልባዋ እንደምትገለበጥ በእርግጥ ቢያውቅ አይነሳም ነበር፤ ልጁ አጠገቡ ነዋ። ከበደ ግን «የፈለገው ይሁን» ብሎ መልሱን ቀድሞ ሰጥቶናል። ጥያቄው ይጠቅማል፤ ገደብም አለው። በምናብ የሚመለስ ስለሆነ ሳታውቂው ሰውየው ክፉ ነው ወይስ ደግ የሚለውን ልትፈርጂ ትችያለሽ። ስለዚህ ብቻውን አትጠቀሚበት። መጀመሪያ ኬዙ ውስጥ የተጻፉትን ነገሮች ሰብስቢ፤ አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደነበር፣ ማን እንዳስጠነቀቀው፣ ራሱም አደጋው ውስጥ እንደነበረ፣ ለመከላከል ያደረገው ነገር እንዳለ፣ የተማመነበት ነገር መሠረት እንዳለው። ከዚያ የፍራንክን ጥያቄ ማጣሪያ አድርጊው።

ማንም አንዱን ምልክት ብቻ ይዞ አይፍረድ። ራሱ ጀልባዋ ላይ መኖሩ ብዙ ጊዜ ወደ ቸልተኝነት ይወስዳል፤ ራሱም ሊሞት የቆረጠ ሰው ከሆነ ግን ያ ምልክት ዋጋ የለውም። «ምንም አይሆንም» ማለትም ሁሌ አያድንም። ከበደ ያንን ሁሉ ተነግሮት «ምንም አይሆንም፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ቢል ኖሮ ባዶ ተስፋ ነው እንጂ መተማመን አይባልም። ለዕድል የተተወ ተስፋ ከተቀበለው ሰው አይለየውም። ፍርድ ቤትም የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ አያይም፤ ከአካባቢው ሁኔታ ነው የሚደመድመው። ፈተናው ያን ሁኔታ በአምስት መስመር ያቀርብልሻል።

እኔ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ ምርጫዎቹን ከማየትሽ በፊት ኬዙን ጨርሰሽ የራስሽን መልስ ያዢ። መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደተጠየቀ አረጋግጪ። «በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ» ካለ ሬክለስነስን ከምርጫው ሰርዢው፤ እዚያ ያለው አንቺን ለማሳሳት ነው። የአሜሪካውን ሞዴል ከጠቀሰ ደግሞ ስለ መቀበልና መተማመን አትጨነቂ፤ ከባድ አደጋ መኖሩን አውቆ አልፎት ከሆነ ሬክለስ ነው። ቀጥሎ ስለ ምን እየተጠየቀ እንደሆነ ለዪ፤ ስለ ድርጊቱ፣ ስለ ሁኔታው ወይስ ስለ ውጤቱ። ከዚያ ያውቅ ነበር ወይ በዪ። አላወቀም ከሆነ ወደ ሐሳብ የሚወስድ መንገድ ተዘግቷል፤ የሚቀረው ሁለተኛው ዓይነት ቸልተኝነት ወይም ድንገተኛ አደጋ ነው። አውቆ ከሆነ ፈልጎታል፣ ተቀብሎታል ወይስ ተማምኗል በዪ። ቸልተኝነት ላይ ካረፍሽ የሚቀጣው አንቀጽ መኖሩን አረጋግጪ። ኬዙ መቀበሉን የሚያሳይ ነገር ካልሰጠሽ ደግሞ ቸልተኝነትን ያዢ። መቀበሉ ካልታየ ሐሳብ አልተረጋገጠም።

የጽሑፍ ጥያቄ ከሆነ አንቀጽ መጥቀስ ብቻውን ነጥብ አያመጣም። «አበበ አንቀጽ 59ን ተላልፏል» ብሎ የሚያቆም መልስ ግማሽ መልስ ነው። እንዲህ ጻፊው፦ «አበበ ጀልባዋ ልትገለበጥ እንደምትችል ያውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ከተፈቀደው 7 ሰው አስበልጦ ጭኗል፣ ስለ ነፋሱም ተነግሮታል። ውጤቱን ግን አልተቀበለም፤ ምክንያቱም በልምዱ ተማምኗል፣ ራሱና ልጁም ተሳፍረዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የመጀመሪያው ዓይነት ቸልተኝነት ነው። የሞቱት ሁለት ስለሆኑና የጭነት ልኩንም ሆን ብሎ ስለጣሰ ቅጣቱ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 ይታያል።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለቱ «ምክንያቱም» የሚሉት ቦታዎች ላይ የኬዙን ዝርዝር ካላስገባሽ አራሚው አንቀጹን በግምት ያገኘሽው ነው የሚመስለው።